ጤና መኮንን ነኝ ብለው ለውጭ ቀጣሪ ሲጽፉ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሐዋሳ ውስጥ ለውጭ ሥራ የሚዘጋጁ ሲቪዎችን ሳይ፣ በደረጃ አጻጻፍ በጣም የሚጎዱት ጤና መኮንኖች ናቸው። ነርስ ወይም ፋርማሲስት ብለህ ብትጽፍ የትም አገር ያለ ቀጣሪ በግምትም ቢሆን ይገባዋል። ጤና መኮንን ግን በጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ከ1954 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለእኛው አገር ችግር ተብሎ የተፈጠረ ሙያ ነው። ውጭ ያለ ሰው ሊያውቀው አይገደድም።

ነገሩ እንዲጨበጥ አንዲት ልጅ እናስብ። በሰኔ 2006 ዓ.ም. ከሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ተመረቀች። በጥቅምት 2007 ጤና ጣቢያ ተቀጠረች። ኋላ የጤና ጣቢያው ኃላፊ ሆነች፤ ከዚያ ጤና መምሪያ ገብታ የሥራ ሂደት ባለቤት ተባለች። አሁን ናይሮቢ ላለ ዓለም አቀፍ ድርጅት ልታመለክት ነው፤ ጀርመንም ልትሞክር ታስባለች።

"ሄልዝ ኦፊሰር" ብሎ ማለፍ

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። አሜሪካ ውስጥ ሄልዝ ኦፊሰር ሲባል የአንድ አካባቢ የጤና ቢሮ የበላይ ሰው ነው፤ ካሊፎርኒያ ውስጥ እንዲያውም ሐኪም መሆን አለበት። እንግሊዝ ያለ ሰው ደግሞ ቶሎ የሚመጣለት የምግብ ቤት ንጽሕና የሚቆጣጠረው ሠራተኛ ነው። ያው አንድ ማዕረግ አንዱ ጋ ከፍ ብሎ ይነበባል፣ ሌላው ጋ ዝቅ ይላል። ዲግሪው ላይ "ፐብሊክ ሄልዝ" መባሉ ነገሩን ያባብሰዋል። ቀጣሪው ጥናት የምትሠራ ወይም ፕሮጀክት የምትከታተል ሰው ናት ብሎ ያልፋታል። በቀን ስንት በሽተኛ እንደምታይ የሚነግረው የለም።

መፍትሔው ማዕረጉን እንዳለ ትቶ ከሥሩ አንድ መስመር መጨመር ነው። ለልጅቷ እንዲህ ይሆናል፦ የመጀመሪያ ዲግሪ ያላት፣ ሐኪም ያልሆነች ክሊኒሺያን፤ በጤና ጣቢያ ደረጃ በሽተኛ የምትመረምር፣ በሽታ የምትለይ፣ መድኃኒት የምታዝ። "ሐኪም ያልሆነች" የምትለውን አትሽሿት። ብዙዎች ዝቅ የሚያደርጋቸው ይመስላቸዋል፤ እኔ ግን ሲቪውን የሚታመን የምታደርገው እሷ ናት እላለሁ።

ናይሮቢ ላለ ቀጣሪ ሌላ መንገድም አለ። ኬንያ፣ ኡጋንዳና ማላዊ ውስጥ ክሊኒካል ኦፊሰር የሚባል ሙያ አለ፤ ሥራው ከጤና መኮንን ጋር በጣም ይቀራረባል። "ከክሊኒካል ኦፊሰር ጋር የሚነጻጸር" ብትል ወዲያው ይገባቸዋል። ግን እዚያ ብዙዎቹ በዲፕሎማ የሠለጠኑ ስለሆኑ፣ "በዲግሪ ደረጃ" የሚለውን ካልጨመረች ራሷን አንድ እርከን ታወርዳለች።

የሰው አገር ማዕረግ መልበስ

"ፊዚሺያን አሲስታንት ብዬ ልጻፈው?" ብለው የሚጠይቁ አሉ። አይሆንም። አሜሪካ ውስጥ ይህ ማዕረግ በማስተርስ ደረጃ የሚሠለጠኑበትና ፈቃድ የሚወጣበት ሙያ ነው። ቀጣሪው የሥራ ልምድ ደብዳቤውን ሲያይ ሌላ ማዕረግ ካገኘ ደግሞ ዋሽታለች ይላል። "የሚነጻጸር" ማለትና "ነኝ" ማለት ለየቅል ናቸው። ሕጋዊው ማዕረግ ከደብዳቤው ጋር ቃል በቃል ይግጠም፤ ማብራሪያው ከሥሩ ይሁን።

"የሥራ ሂደት ባለቤት"ን በቁሙ መተርጎም

ይሄ መሥሪያ ቤት ውስጥ የሠራ ሁሉ ችግር ነው። "ኮር ፕሮሰስ ኦውነር" ተብሎ ሲጻፍ ውጭ ያለ ሰው የኩባንያ አሠራር የሚያሻሽል አማካሪ ይመስለዋል። ልጅቷ በእውነቱ የበሽታ መከላከል ክፍሉን ትመራ ነበር። ስለዚህ መጀመሪያ የክፍሉን ኃላፊነት ትጻፍ፣ ሕጋዊውን ስያሜ ከጎኑ ታድርግ።

ደረጃን የሚያሳየው ደግሞ ከስሙ በላይ የኃላፊነቱ ስፋት ነው። የጤና ጣቢያ ኃላፊ የሚለው ብቻውን አምስት ሰው ያለበት ክሊኒክም ሊመስል ይችላል። እኛ አገር በመመሪያው አንድ የገጠር ጤና ጣቢያ ለ25,000 ሰው፣ የከተማው ለ40,000 ሰው ታስቦ የሚቆም ነው። እሷ የመራችው ጣቢያ በተግባር ስንት ሕዝብ ያገለግል እንደነበር፣ ስንት ባለሙያ በሥሯ እንደነበረ፣ ለማን ሪፖርት ታደርግ እንደነበረ ብትጽፍ ቀጣሪው ራሱ ደረጃውን ያስቀምጠዋል። ቁጥሩ ግን የእሷ ጣቢያ ቁጥር ይሁን እንጂ የመመሪያው አይሁን።

ዲግሪን ራስ "አቻ ነው" ብሎ መፍረድ

"ከአውሮፓ ባችለር ጋር አቻ" የሚል መስመር ብዙ ሲቪ ላይ አያለሁ። ይህን የመወሰን ሥልጣን ያለው ሌላ ነው። ጀርመን ውስጥ ዜድኤቢ የሚባለው መሥሪያ ቤት የውጭ ዲግሪ ምን ጋር እንደሚነጻጸር መግለጫ ይሰጣል፤ አናቢን የሚባለው የመረጃ ቋት ላይም ዩኒቨርሲቲውን በነፃ ማየት ይቻላል። ለእንግሊዝ ዩኬ ኢኒክ አለ፤ ለካናዳ ደግሞ ብዙዎች የሚጠቀሙት ደብሊውኢኤስን ነው። መግለጫ ካለሽ የሰጠውን አካልና ዓመቱን ጻፊ። ከሌለሽ የትምህርቱን ርዝመት በዓመት ጻፊ፤ ትራንስክሪፕቱ ላይ ኢሲቲኤስ የሚባለው የአውሮፓ የትምህርት ክሬዲት መለኪያ ካለ እሱንም አክዪ። አውሮፓ ውስጥ የአንድ ሙሉ ዓመት ትምህርት 60 ኢሲቲኤስ ስለሆነ አንባቢው ራሱ ያሰላዋል። ውጤትም ሲጻፍ 3.4 ብቻ አይበቃም፤ ከ4.0 መሆኑ ይጠቀስ። ጀርመን ላይ 1.0 ምርጡ፣ 4.0 ማለፊያው ነውና ጎበዟ ተማሪ ለጥቂት ያለፈች ትመስላለች።

አንድ ነገር ግን አይምታታ። ዲግሪው ታወቀ ማለት በሽተኛ ለማየት ተፈቀደ ማለት አይደለም። የሙያ ፈቃድ ሌላ በር ነው፤ ለጤና መኮንን ደግሞ ጀርመን ውስጥ በቀጥታ የሚገጥም ሙያ የለም።

ከዲግሪው በፊት ዲፕሎማ ያላቸው ደግሞ ቃሉን ብቻውን አይተዉት። አሜሪካዊ የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ይመስለዋል፤ ጀርመን ደግሞ ድሮ ዲፕሎም የሚሉት ለማስተርስ የሚጠጋ ዲግሪ ነበር። "10+3"ም እንደዚያው ነው። "ከ10ኛ ክፍል በኋላ የሦስት ዓመት የሙያ ሥልጠና" ብሎ መጻፍ ይገላግላል።

ዘመኑን መቀላቀል

ዲግሪው በእንግሊዝኛ ስለሚታተም 2014 ይላል። የሥራ ልምድ ደብዳቤው በአማርኛ 2007 ይላል። ሁለቱ እንዳሉ ሲገለበጡ ልጅቷ ከመመረቋ ሰባት ዓመት በፊት ክሊኒሺያን ሆና ትታያለች። ጥቅምት 1 ቀን 2007 ማለት ኦክቶበር 11 ቀን 2014 ነው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ላለው ሰባት፣ ጃንዋሪ ከገባ በኋላ ላለው ስምንት ይደመራል። ደብዳቤው ሲተረጎም ተርጓሚው ዘመኑንም መቀየሩን አረጋግጡ።

አሁን የሌለ መሥሪያ ቤት

ይሄ ለሐዋሳ ሰው የተለየ ነው። ከ2012 በፊት የወጡ ወረቀቶች ላይ ያለው የደቡብ ክልል ማኅተም ነው። ሲዳማ በዚያው ዓመት ክልል ሆነ፤ ደቡብ ክልልም ኋላ ፈርሷል። አጣሪው ስሙን ሲፈልግ መሥሪያ ቤቱን ያጣዋል፤ ልምዱንም ይጠራጠራል። ስሙን በደብዳቤው እንዳለ ጻፉና "ዛሬ የሲዳማ ክልል ጤና ቢሮ" እንደሆነ ወይም ፋይሉ ያለበትን ቢሮ ከጎኑ ጥቀሱ። ቀደም ብለው የተመረቁ ሰዎች ዲግሪ ላይ ደቡብ ዩኒቨርሲቲ የሚል ካለም እንዲሁ ነው፤ ያው የዛሬው ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ነው። አጣሪው የሚደውልበት፣ የሚሠራ የቢሮ ስልክና ኢሜይል ከማመልከታችሁ በፊት ሄዳችሁ ጠይቁ።