ለቢሮ ኪራይ ድርድር፦ ከዋጋ ቅናሽ ይልቅ የእፎይታ ጊዜ

አዲስ አበባ ውስጥ ባዶ የቢሮ ወለል ሲከራዩ በካሬ ሜትር ዋጋ ላይ ቅናሽ ቢጠይቁ አከራዩ ብዙውን ጊዜ እምቢ ይላል፤ ሌሎቹ ተከራዮች ሰምተው ተመሳሳይ ቅናሽ እንዳይጠይቁት ይሰጋልና። ስለዚህ ዋጋውን ሳይነኩ እንዲህ ብለው ይጻፉ፦

«በካሬ ሜትር ያቀረቡትን 1,000 ብር ተቀብለን ለ3 ዓመት ለመዋዋል ዝግጁ ነን። ሆኖም ለፓርቲሽንና ለኤሌክትሪክ መስመር ሥራ የሚሆን የ2 ወር ከኪራይ ነፃ የእፎይታ ጊዜ እንዲሰጠን፣ እንዲሁም በቤዝመንት 3 የመኪና ማቆሚያ ቦታዎች በቁጥራቸው ተለይተው ያለ ተጨማሪ ክፍያ በውሉ እንዲካተቱልን በአክብሮት እንጠይቃለን። የእፎይታው ጊዜ የሚቆጠረው ውሃና መብራት ገብቶ ቁልፍ ከተረከብንበት ቀን ጀምሮ ይሁን።»

ለ150 ካሬ ሜትር ቢሮ የ2 ወሩ ኪራይ 300,000 ብር ሲሆን፣ በ36 ወር ሲካፈል ከ5 በመቶ በላይ ቅናሽ ማለት ነው፤ አከራዩ ግን የ1,000 ብር ዋጋውን እንደያዘ ይቀጥላል። የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አይተዉ፤ ቆጠራው ከፊርማው ቀን ከጀመረ ርክክቡ በዘገየ ቁጥር የእፎይታው ጊዜ ሥራ ሳይጀመር ያልቃል። «በቂ ፓርኪንግ አለ» የሚል የቃል ተስፋም አይበቃም።

ቢሮው ቀድሞ የተከፋፈለ ከሆነ ወይም ውሉ የ1 ዓመት ብቻ ከሆነ ግን 2 ወር መጠየቅ ብዙ አያስኬድም።