የአማርኛው ድምፅ ከምስሉ ጋር አልገጥም ሲል፦ ችግርና መፍትሄ

ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የሚመለስ አጭር ቪዲዮ ሲበላሽ ብዙዎች መጀመሪያ የሚወቅሱት አንባቢውን ወይም ኤዲተሩን ነው፤ በእኔ ልምድ ግን ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ማይክሮፎኑ ከመከፈቱ በፊት በተጻፈው ጽሑፍ ላይ ነው። ስለዚህ ከዚያው እጀምራለሁ። ምሳሌ የማደርገው ስለ ፕሬሸር ድስት አጠቃቀም የሚያስረዳ አንድ የሁለት ደቂቃ ቪዲዮ ነው።

ምልክት፦ ተናጋሪዋ አፏን ዘግታለች፣ የአማርኛው ድምፅ ግን ገና አላለቀም።

ምክንያቱ ትርጉሙ ሐሳቡን እንጂ ጊዜውን አለመለካቱ ነው። በቪዲዮው ላይ ባለሙያዋ «Don't open the lid until all the steam is gone» ስትል የምትፈጀው 2.4 ሰከንድ ነው። ተርጓሚው «እንፋሎቱ ሙሉ በሙሉ ወጥቶ እስኪያልቅ ድረስ የድስቱን ክዳን በፍጹም እንዳትከፍቱ» ብሎ ጻፈ። ትርጉሙ ትክክል ነው፤ በተረጋጋ ድምፅ ሲነበብ ግን 4.5 ሰከንድ ወሰደ።

እንዲህ ያለው ትርፍ ሳይቀዳ በፊት መታወቅ ይችላል። የእንግሊዝኛው ዓረፍተ ነገር 12 ክፍለ ቃላት ሲኖሩት የአማርኛው 28 አሉት። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ፊደል መቁጠር ቀላል ቢሆንም ሳድስ ፊደል ብዙ ጊዜ አናባቢ ሳይኖረው ከጎረቤቱ ጋር ስለሚነበብ ቁጥሩን ያሳብጣል። «ወጥቶ» ሦስት ፊደል ነው፣ ሲነገር ግን ሁለት ክፍለ ቃል ብቻ ነው። ስለዚህ ጮክ ብለው እያነበቡ በጣትዎ ጠረጴዛ እየመቱ ይቁጠሩ።

መፍትሄው ምስሉ አስቀድሞ የሚናገረውን ከጽሑፉ ማውጣት ነው። ድስቱ በስክሪኑ ላይ ስለሚታይ «የድስቱን» ማለት አያስፈልግም፤ «ድረስ» ደግሞ በ«እስኪ» ውስጥ አለ። ከተቆረጠ በኋላ የቀረው «ክዳኑን አትክፈቱ፤ እንፋሎቱ ይውጣ» ነበር፤ 13 ክፍለ ቃል ስለሆነ ሳይጣደፉ በቦታው ይገባል።

ድምፁን በኮምፒውተር ማፍጠን የሚረዳው ለጥቂት ትርፍ ብቻ ነው። እኔ ከ8 በመቶ በላይ አልሄድም፤ ከዚያ በኋላ የሚጠብቁት ፊደላት መላላት ይጀምራሉ፣ «አለ» እና «አለ» የሚለዩት ደግሞ በመጥበቅና በመላላት ነው። የሚከተለው የffmpeg ፕሮግራም ትእዛዝ የድምፁን ቅላጼ ሳይቀይር ፍጥነቱን በ8 በመቶ ይጨምራል፦

```
ffmpeg -i amharic.wav -filter:a "atempo=1.08" out.wav
```

ምልክት፦ ርዝመቱ ገጥሟል፣ እጇ የሚያሳየውና ድምፁ የሚለው ግን ተለያይተዋል።

ይህ ከመጀመሪያው ይልቅ ለመለየት ያስቸግራል፤ ተመልካቹ የሆነ ነገር እንዳልተስማማው ይሰማዋል እንጂ ምን እንደሆነ አይናገርም። ምክንያቱ የአማርኛ ሰዋስው ነው። እንግሊዝኛው ዋናውን ግስ አስቀድሞ «እስኪ» የሚለውን ሐረግ ወደ ኋላ ያመጣል፣ አማርኛው ግን ጥገኛውን ሐረግ አስቀድሞ ማሰሪያ አንቀጹን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። በመጀመሪያው ትርጉም ባለሙያዋ ክዳኑን ስትነካ ድምፁ «እንፋሎቱ» ይላል፣ ጣቷ ወደ እንፋሎት መውጫው ሲዞር ደግሞ «ክዳን» ይሰማል። አደጋ በሚያስከትል ዕቃ ላይ ይህ መገለባበጥ መታለፍ የለበትም።

ለዚህ ድምፁን ማንሸራተት አይረዳም። ረጅሙን ዓረፍተ ነገር ለሁለት ሰብረው እያንዳንዱን ቁራጭ ከእጇ እንቅስቃሴ ሥር ያስቀምጡ። ከላይ ያሳጠርነው ዓረፍተ ነገር ይህንንም ችግር የፈታው በዚሁ ምክንያት ነው፤ «ክዳኑን» ከክዳኑ ጋር፣ «እንፋሎቱ» ከእንፋሎቱ ጋር ይሰማል። ለመፈተሽ የጽሑፉን ቃላት በሙሉ ትተው፣ እጇ አንድ ነገር የነካበትን ሰከንድ ብቻ በወረቀት ላይ ይጻፉና የዕቃውን ስም ከጎኑ ያስቀምጡ፤ ከዚያ ድምፁ ያንን ስም በዚያው ሰከንድ መጥራቱን ያረጋግጡ።

ምልክት፦ መጀመሪያው ልክ ነው፣ ወደ መጨረሻው ግን ድምፁ እየራቀ ይሄዳል።

የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ያነጻጽሩ። ልዩነቱ በሁለቱም ቦታ እኩል ከሆነ የዘገየው ቀረጻው ስለሆነ ሙሉውን ትራክ መግፋት ይበቃል። እየሰፋ ከሄደ ግን ጽሑፉን አይንኩ፤ በስልክ የተቀረጹ ቪዲዮዎች በሰከንድ የሚይዙት የምስል ብዛት ስለሚዋዥቅ አንዳንድ የኤዲት ፕሮግራሞች ጊዜውን ያዛባሉ። ቋሚ ወደሆነ ፍጥነት የሚቀይረው ትእዛዝ ይህ ነው፦

```
ffmpeg -i original.mp4 -r 30 -c:a copy fixed.mp4
```

ይህ መደረግ ያለበት የንግግሮቹ ሰከንዶች ከመለካታቸው በፊት ነው፤ ከተለኩ በኋላ ከተቀየረ በአዲሱ ፋይል ላይ እያንዳንዱን መነሻ እንደገና መፈተሽ ግድ ይሆናል።