የሪፖርታችሁ ባር ቻርት የሚያሳስተው የት ላይ ነው?

የግማሽ ዓመት ሪፖርት ሲደርስ ደሴም ሆነ ወረኢሉ ያለ ጽሕፈት ቤት አሠራሩ አንድ ነው። ሠንጠረዡ ኤክሴል ላይ ይሞላል፣ ባር ቻርት ይወጣለታል፣ ከዚያ ወርድ ላይ ይለጠፋል። ኮምፒውተሩ ያወጣው ስለሆነ ማንም አይጠራጠረውም። እኔ ግን እንዲህ ያለ ቻርት ሲሰጠኝ መጀመሪያ የማየው በግራ በኩል ካለው ቋሚ መስመር ግርጌ የተጻፈውን ቁጥር ነው።

ችግር፦ ትንሹ ልዩነት ገደል አክሎ ይታያል

አራት ወረዳዎችን እንውሰድ። ቁጥሮቹ ለማሳያ ብቻ የመረጥኳቸው ናቸው። 8ኛ ክፍል ያለፉ ተማሪዎች በመቶኛ ኩታበር 78፣ ወረባቦ 81፣ ተሁለደሬ 84፣ ቃሉ 86 ይሁኑ። ቻርቱ ሲወጣ ግን የቃሉ ባር የኩታበርን ሦስት እጥፍ ያህላል።

ምክንያቱ ቋሚው መስመር ከ0 አለመጀመሩ ነው። በትልቁና በትንሹ ቁጥር መካከል ያለው ልዩነት ከትልቁ ቁጥር አንድ ስድስተኛ ገደማ ሲያንስ፣ ኤክሴል መነሻውን በራሱ ከፍ ያደርገዋል። እዚህ 74 ላይ ይጀምራል እንበል። ከ74 በላይ የሚታየው የኩታበር ባር 4 ብቻ ነው፤ የቃሉ 12 ነው። ሦስት እጥፉ የመጣው ከዚህ ነው። ስብሰባ ላይ ደግሞ ሰው የሚያየው የባሩን ቁመት እንጂ የመስመሩን ቁጥር አይደለም። የኩታበሩ ኃላፊ በ8 ነጥብ ልዩነት የወደቀ ሰው መስሎ ጥያቄ ይዘንብበታል። ይህ ተገቢ አይደለም።

መፍትሄው ቀላል ነው። ቋሚውን መስመር ሁለቴ ጠቅ አድርጉት። `Format Axis` ሲከፈት `Minimum` የሚለው ሳጥን ውስጥ 0 ጻፉ። አሁን ባሮቹ የሚቀራረቡ ይሆናሉ፤ እውነቱም ይኸው ነው። ልዩነቱ እንዳይጠፋ ባሮቹን በቀኝ ጠቅ አድርጋችሁ `Add Data Labels` በሉ። 78 እና 86 ባሩ ጫፍ ላይ ይጻፋሉ። ከ0 አስጀምሩ የምለው ለባር ቻርት ነው፤ ባር የሚነበበው በርዝመቱ ስለሆነ። የአንድ ወረዳን ውጤት በየዓመቱ ለማሳየት ከሆነ የመስመር ቻርት ይሻላል። እሱ ከ0 ባይጀምርም ያን ያህል አያሳስትም፣ መነሻው በግልጽ ከተጻፈ።

ችግር፦ የወረዳዎቹ ስም ተጋድሞ ይወጣል፣ አንዳንዱም ይጠፋል

አራቱ ወረዳ አሥራ አምስት ሲሆን «ደሴ ዙሪያ»፣ «አምባሰል»፣ «ለጋምቦ» እያለ የሚሄደው ስም ባሩ ሥር አይበቃውም። ኤክሴል መጀመሪያ ያጋድመዋል፤ ቦታ ካጣ ደግሞ አንዱን ጽፎ አንዱን ይዘላል። ብዙዎች ፊደሉን እስኪጨናበስ ያሳንሱታል። የተሻለው ባሩን ማስተኛት ነው። `Change Chart Type` ውስጥ `Clustered Bar` ምረጡ። ስሞቹ በግራ በኩል ቀጥ ብለው ይነበባሉ።

እዚህ አንድ የሚያደናግር ነገር አለ፤ የሠንጠረዡ የመጀመሪያ ረድፍ ቻርቱ ላይ ከታች ይሆናል። ስለዚህ ሠንጠረዡን ከትንሽ ወደ ትልቅ ደርድሩት። ትልቁ ባር ከላይ ይመጣል፣ ሌላ ማስተካከያ አያስፈልገውም። በፊደል ተራ የተደረደረ ቻርት አንባቢን ከላይ ታች ያንከራትታል።

ችግር፦ ዓመቱ ራሱ ባር ሆኖ ቆመ

2014፣ 2015፣ 2016 ብላችሁ ስትጽፉ ኤክሴል እንደ መጠን ይቆጥራቸዋል። ግዙፍ የዓመት ባር ይቆምና እውነተኛው ቁጥር ከሥሩ ድንክ ይሆናል። ቻርቱን ከማስገባታችሁ በፊት ከዓመቶቹ በላይ ያለውን «ዓ.ም.» የሚል ርዕስ ሰርዛችሁ ሴሉን ባዶ አድርጉት። ያን ጊዜ ዓመቶቹን እንደ ስም ይወስዳቸዋል። ርዕሱን በኋላ መልሳችሁ መጻፍ ትችላላችሁ።

ችግር፦ ፎቶኮፒ ሲደረግ ወንድና ሴት አይለዩም

ስክሪን ላይ ሰማያዊና ብርቱካናማ የነበሩት ባሮች በጥቁርና ነጭ ሲታተሙ ሁለቱም ያው ግራጫ ይሆናሉ። የቀለም መግለጫው አጠገቡ ቢኖርም አይረዳም። አንዱን በጣም ጥቁር፣ ሌላውን በጣም ፈዛዛ አድርጉ። ባሩ አንድ ዓይነት ብቻ ከሆነ ግን መግለጫውን ጠቅ አድርጋችሁ `Delete` ተጫኑ፤ ቦታ ከመያዝ ሌላ ጥቅም የለውም። በተረፈው ቦታ ርዕሱን ሙሉ አድርጋችሁ ጻፉ፦ «8ኛ ክፍል ያለፉ ተማሪዎች በወረዳ፣ 2016 ዓ.ም.፣ በመቶኛ»። «በመቶኛ» የምትለዋ ቃል እንዳትቀር። እሷ ከሌለች 78 ሲባል ሰባ ስምንት ተማሪ ብሎ የሚያነብ አለ።