የወለል አርማታ ሒሳብ፦ በግምት ስናጣራ የምንሠራቸው ስህተቶች

አንድ ክፍል እንያዝ። 5.80 በ5.20 ሜትር ነው። ወለሉ 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው አርማታ ይሞላል። ድብልቁ 1 ለ2 ለ3 ነው፤ አንድ እጅ ሲሚንቶ፣ ሁለት እጅ አሸዋ፣ ሦስት እጅ ጠጠር። ባለሙያው 22 ከረጢት ሲሚንቶ ያስፈልጋል ብሏል። ገንዘቡን ከማውጣታችን በፊት በግምት እናጣራው።

በሄዱበት መንገድ መመለስ

ብዙ ሰው የሚያጣራው ያንኑ ሒሳብ ሁለተኛ ጊዜ በመሥራት ነው። 10 ሳንቲ ሜትርን 0.1 ማለት ሲገባው 0.01 ብሎ ያስገባ ሰው፣ ሁለተኛም ጊዜ 0.01 ይላል። መልሱ ስለተመሳሰለ ልክ ይመስለዋል።

በሌላ በኩል መምጣት ይሻላል። በዚህ ድብልቅ አንድ ባለ 50 ኪሎ ከረጢት 140 ሊትር ገደማ አርማታ ይወጣዋል። አንድ ካሬ ወለል በ10 ሳንቲ ውፍረት ደግሞ 100 ሊትር ይጠጣል። እንግዲህ አንድ ከረጢት አንድ ካሬ ተኩል ለመሙላት ትንሽ ነው የሚጎድለው። 30 ካሬ ለአንድ ተኩል ሲካፈል 20 ነው። ከረጢቱን ትንሽ አጋነን ስለገመትነው 22 ቢባል አይገርምም። 2 ወይም 200 ቢባል ኖሮ ግን እዚያው ይጋለጥ ነበር።

ሁለቱንም ጎን ወደ አንድ አቅጣጫ ማጠጋጋት

30 ካሬውን ያገኘሁት 5.80ን ወደ 6 ከፍ፣ 5.20ን ወደ 5 ዝቅ አድርጌ ነው። ትክክለኛው 30.16 ነው፤ ልዩነቱ አይቆጠርም። ሁለቱንም ወደ ላይ ባጠጋጋ 36፣ ሁለቱንም ወደ ታች ባደርግ 25 ይሆንብኛል።

«እጥፍ» የሚለው ቃል

ጎረቤት 3 በ2.5 ሜትር የሆነች ክፍል በ5 ወይም በ6 ከረጢት ሞልቷል እንበል። የእኛ ክፍል በቁመትም በወርድም እጥፍ ስለሆነ 11 ይበቃል የሚል አይጠፋም። ሁለቱም ጎን እጥፍ ሲሆን ስፋቱ አራት እጥፍ ነው። የሚያስፈልገውም 22 ነው።

ኩንታልና ከረጢት

ይሄኛው የራሴ ነው። ወረቀቱ ላይ «11» ብዬ ጻፍኩ፤ አጠገቡ ግን ምን እንደሆነ አልጻፍኩም። ሒሳቡን የሠራሁት በኩንታል ነበር። በማግስቱ 11 ከረጢት አስጭኜ መጣሁ። ከረጢቱ 50 ኪሎ፣ ኩንታሉ 100 ኪሎ ነው። ክፍሉ ግማሽ ላይ ሲደርስ ሲሚንቶው አለቀ። እየሄደ ያለ ሙሌት ቆሞ በማግስቱ ሲቀጠል መጋጠሚያው መስመር ሠርቶ ይቀራል፤ ብዙ ጊዜ ስንጥቅም የሚጀምረው እዚያ ነው። ያቺን የአንድ ካሬ ተኩል ግምት ባደርጋት ኖሮ፣ 11 ከረጢት 16 ካሬ ገደማ ብቻ እንደሚሞላ ከሱቁ በር ላይ አውቅ ነበር።

3 ኪዩብ አርማታ ከ3 ኪዩብ ጥሬ ዕቃ አይወጣም

አሸዋው ጠጠሩ መሃል ያለውን ክፍተት ይሞላል፤ ሲሚንቶው ደግሞ የአሸዋውን። ስለዚህ ሦስቱ ሲደባለቁ ይቀንሳሉ። ለ3 ኪዩብ አርማታ የደረቀው ዕቃ 4.5 ኪዩብ አካባቢ መሆን አለበት። ለዚህ ድብልቅ የጠጠሩ መጠን ከአርማታው ሦስት አራተኛ፣ አሸዋው ግማሽ ብሎ መያዝ ይበቃል። ለእኛ ክፍል ጠጠሩ 2.25፣ አሸዋው 1.5 ኪዩብ ነው። «1 ኪዩብ አሸዋ፣ አንድ ተኩል ጠጠር» ከተባሉ፣ የመቀነሱ ነገር ተረስቷል ማለት ነው።

ቁመትና ወርድ ላይ ተጨንቆ ውፍረቱን ማለፍ

በእኔ እይታ ትልቁ ስህተት ይህ ነው። ሜትሩን ዘርግተን ለ5 ሳንቲ እንከራከራለን። 6 ሜትር ርዝመት ላይ 5 ሳንቲ መሳት ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም። ውፍረቱ ላይ ግን 2 ሳንቲ ብትሳሳቱ ከመቶ 20 ነው። ከታች ያለው የድንጋይ ሙሌት ደግሞ መቼም ጠረጴዛ አይሆንም። ወረቀቱ ላይ 10 የተባለው፣ አንዱ ጥግ 9፣ መሃሉ 14 ሆኖ ይገኛል።

ስለዚህ ሲባጎ ወለሉ በሚያልቅበት ከፍታ ላይ ከግድግዳ ግድግዳ ወጥሩ። ከሲባጎው ወደ ታች ስምንት ዘጠኝ ቦታ ለኩ፤ ጥጎቹንም መሃሉንም። ደምሩና ለለካችሁበት ቦታ ብዛት አካፍሉ። አማካዩ 12 ከመጣ አርማታው 3.6 ኪዩብ ነው፤ ከ22ቱ በላይ ሌላ 4 ወይም 5 ከረጢት ያስፈልጋል። ካልፈለጋችሁ ደግሞ መሃሉን በደቃቅ ድንጋይ ሞልታችሁ በደንብ ጠቅጥቁትና እንደገና ለኩ፤ ከሲሚንቶ ይረክሳል።