አራት ኮድ፣ አንድ ክብደት፦ የፈተና ኮድ ሲዘጋጅ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

መቶ ተማሪ ክርን ለክርን ተቀምጦ በሚፈተንበት አዳራሽ ኩረጃን በፈታኞች ዓይን ብቻ መግታት አይቻልም። ስለዚህ ፈተናውን በተለያየ ኮድ እናዘጋጃለን። እኔ ሒሳብ አስተምራለሁ፤ ባልደረቦቼ የሚያወጧቸውን ፈተናዎችም ከመባዛታቸው በፊት አያለሁ። ሌሎቹ ስህተቶች ይመጣሉ ይሄዳሉ፤ አንዱ ግን በየፈተናው ይመለሳል። ከእሱ ልጀምር።

ቁጥሩን እንጂ ክብደቱን አልለወጥኩም ብሎ ማመን

ኮድ 1 አልቋል፣ መሽቷል፣ ነገ ይባዛል። መምህሩ ፋይሉን ገልብጦ ቁጥሮቹን እየቀያየረ ኮድ 2 ያደርገዋል። ይህን የማውቀው እኔም ስላደረግሁት ነው። ኮድ 1 ላይ እንዲህ ብዬ ጠየቅሁ፦

`x² + 7x + 10 = 0`

ኮድ 2 ላይ ደግሞ፦

`x² − 2x − 24 = 0`

ሁለቱም የአንድ ምዕራፍ ጥያቄዎች ናቸው፤ ሁለቱም የሚፈቱት በአንድ ዘዴ ነው። እስቲ ግን ተማሪው ወረቀቱ ላይ የሚሠራውን እንከተል። የመጀመሪያውን ለመፍታት ተባዝተው 10፣ ተደምረው 7 የሚሆኑ ሁለት ቁጥሮች ይፈልጋል። ያለው ምርጫ 1 እና 10 ወይም 2 እና 5 ነው፤ አንዱን ቢስት ሌላውን ያገኘዋል። በሁለተኛው ግን 24ን የሚሰጡ አራት ጥንዶች አሉ፦ 1 እና 24፣ 2 እና 12፣ 3 እና 8፣ 4 እና 6። ትክክለኛውን ጥንድ ካገኘ በኋላም የትኛው ቁጥር ኔጌቲቭ እንደሚሆን መወሰን አለበት። ይህ ተጨማሪ ሥራ፣ ተጨማሪ ደቂቃ፣ ተጨማሪ የመሳሳቻ ቦታ ነው።

እያንዳንዱን ኮድ 50 ተማሪ ወስዶ ነበር። የመጀመሪያውን 41 ተማሪዎች አገኙት፤ ሁለተኛውን 23 ብቻ። ውጤቱን ሳየው ያመመኝ የኮድ 2 ልጆች ምንም ሳያጠፉ በተቀመጡበት ወንበር ምክንያት ማርክ ማጣታቸው ነው። ኩረጃን እከላከላለሁ ብዬ ያልኮረጀውን ቀጣሁ። ጥያቄውን ከሁለቱም ኮድ አውጥተን ውጤቱን በቀሩት ጥያቄዎች አሰላን፤ ያም ቢሆን ለፈተናው መጥፎ ጥገና እንጂ መድኃኒት አልነበረም።

መድኃኒቱ ከቁጥሩ በፊት የጥያቄውን አጽም መጻፍ ነው። ለዚህ ጥያቄ አጽሙ እንዲህ ነው፦ የ`x²` ተባዢ 1፣ ምልክቶቹ ሁሉ ፖዘቲቭ፣ የመጨረሻው ቁጥር ሁለት ጥንድ ብቻ ያለው። ይህን ከያዝን ለኮድ 2 የሚሆነው መንትያ `x² + 8x + 15 = 0` ነው፤ ጥንዶቹ 1 እና 15፣ 3 እና 5 ናቸው።

መንትያነቱ ወደ ምርጫዎቹም መውረድ አለበት። በኮድ 1 መልሱ −2 እና −5 ሲሆን፣ አሳሳቾቹ 2 እና 5 (ምልክቱን የረሳ)፣ −1 እና −10 (ማባዛቱን እንጂ መደመሩን ያላየ)፣ 7 እና 10 (ከእኩልታው ላይ ቁጥር ያነሳ) ናቸው። በኮድ 2 ከእነዚሁ ሦስት ስህተቶች 3 እና 5፣ −1 እና −15፣ 8 እና 15 ይወጣሉ። በዘፈቀደ የገባ አሳሳች ማንንም ስለማያታልል ጥያቄውን በአንዱ ኮድ ብቻ ያቀለዋል። የመልሱ ፊደል ደግሞ በሁለቱ ኮዶች አንድ እንዳይሆን ተጠንቀቁ፤ የጎረቤቱን የመልስ ወረቀት የሚያይ ተማሪ የሚወስደው ፊደሉን ነው።

ፈተናው ከመባዛቱ በፊት ጥያቄውን ያላወጣ ባልደረባ ሁለቱንም ኮድ በእርሳስ ይሥራ። በእያንዳንዱ መንትያ ላይ የእርምጃው ብዛት ካልተስተካከለ ጥያቄው ይመለስ። 25% ወደ 35% ሲቀየር እንኳ ለአራት ማካፈል የነበረው ሥራ ረጅም ማባዛት ይሆናል።

ቅደም ተከተሉን ያለ ገደብ መበወዝ

ከባዱን ጥያቄ ቁጥር 1 ላይ ያገኘ ተማሪ እዚያው ደቂቃዎቹን ይጨርሳል፣ ይደነግጣልም። እኔ የመጀመሪያዎቹን አምስት ቀላል ጥያቄዎች በሁሉም ኮድ እዚያው መጀመሪያ ላይ አቆያቸዋለሁ፤ ብወዛው በእነሱ መካከል ብቻ ነው። የቀሩትንም በምዕራፍ ከፍዬ እያንዳንዱን በየክፍሉ ውስጥ እበውዛለሁ። ምርጫዎች ሲበወዙ ደግሞ «ሀ እና ለ መልስ ናቸው» የሚል ምርጫ ትርጉሙን ያጣል፤ ፈጽሞ አትጻፉት።

ኮዱን በአዳራሹ ግማሽ መክፈል

ግራው ክፍል ኮድ 1፣ ቀኙ ኮድ 2 ከሆነ በመሃል መተላለፊያ ካሉት በቀር ማንም ከጎረቤቱ አልተለየም። ሌላው ዓይነት ስህተት ይበልጥ ይሸሸጋል፦ ስድስት ወንበር ባለው ረድፍ 1፣ 2፣ 1፣ 2 እያሉ አድለው ቀጣዩን ረድፍም በ1 ይጀምራሉ። ጎንና ጎን ተለያይተዋል፤ ከፊት የተቀመጠው ግን ያንኑ ኮድ ይዟል፣ በትከሻው ላይ አንገት ማስገግ ብቻ ነው የሚቀረው።

አራት ኮድ ሲኖር ይህ ይፈታል፤ አራት ፈተና ማውጣት ግን አያስፈልግም። ኮድ 1 እና ኮድ 2 መንትያ ጥያቄ ያላቸው ይሁኑ። ኮድ 3 ኮድ 1ን፣ ኮድ 4 ደግሞ ኮድ 2ን በውዞ የተሠራ ይሁን። ከዚያ እንዲህ አድሉ፦

```
1 2 1 2 1 2
4 3 4 3 4 3
1 2 1 2 1 2
```

ከኮድ 1 ግራና ቀኝ፣ ፊትና ኋላ ያሉት በሙሉ የተለየ ጥያቄ ይዘዋል፤ በሰያፍ ያሉት ደግሞ ያንኑ ጥያቄ በተበወዘ መልክ። ወረቀቱን ተማሪው ከመግባቱ በፊት ወንበሩ ላይ አስቀምጡ፤ በእጅ ሲታደል አንድ የቀረ ተማሪ ሰልፉን ሁሉ ያዛባዋል። በዚህ መልክ የታደለ ፈተና ሌላም ጥቅም አለው። ጎበዞች አንድ ላይ ቢቀመጡም በሁሉም ኮድ ስለሚበተኑ፣ በኮዶቹ መካከል የሚታየው የውጤት ልዩነት ከተማሪዎቹ ሳይሆን ከጥያቄዎቹ የመጣ ነው ለማለት ያስችላል።

ከፈተናው በኋላ አለማየት፣ ወይም ባየነው ሁሉ መደንገጥ

ለእያንዳንዱ ጥያቄ ስንት ሰው እንዳገኘው በየኮዱ ቁጠሩ። በየኮዱ 50 ተማሪ ካለ የአምስት ሰው ልዩነት በአጋጣሚ ብቻ ሊመጣ ይችላል፤ እሱን አትንኩት። ልዩነቱ አሥር ሰው ገደማ ሲደርስ ጥያቄዎቹን አውጥታችሁ ጎን ለጎን አንብቡ። የእኔ 41 እና 23 የአሥራ ስምንት ሰው ልዩነት ነበር፤ ይህን አጋጣሚ ማለት አይቻልም።

ኮዱን ተማሪው ራሱ እንዲጽፍ መተው

ከጎኑ ኮድ 2 የያዘውን ልጅ የኮረጀ ተማሪ የመልስ ወረቀቱ ላይ «ኮድ 2» ብሎ ቢጽፍ ድካማችን ሁሉ ከንቱ ነው። ኮዱ በመልስ ወረቀቱ ላይ ታትሞ ይምጣ። ካልተቻለ ፈታኙ ከመቀመጫ ቁጥር ጋር ይመዝግበው፤ ጥያቄውና መልሱም አብረው ይሰብሰቡ። ኮድ መጻፍ የረሳን ተማሪ በአራቱም የመልስ ቁልፍ አርሞ የሚበልጠውን መውሰድ ለጎበዙ ይሠራል፤ የራሱ ካልሆነው ቁልፍ ከ40 ጥያቄ አሥር ገደማ ነው የሚያገኘው። በራሱ ቁልፍ 13 የሚያገኘውን ልጅ ግን በዚህ መለየት አይቻልም፤ ለእሱ የፈታኙ መዝገብ ያስፈልጋል።