ሲጠሩ የማይምታቱ የድመት ስሞች እንዴት እንደሚወጡ

እኛ ቤት ሦስት ድመቶች አሉ። ስማቸው ሚሚ፣ ቲቲ እና ኪኪ ነበር። አንድ ማታ ባለቤቴ ከጓዳ ሆኖ «ኪኪ ገባች?» አለኝ። እኔ የሰማሁት «ቲቲ» ነው፣ ቲቲ ደግሞ እግሬ ሥር ተኝታለች፣ «አዎ ገብታለች» ብዬ በሩን ቆለፍኩት። ኪኪ ሌሊቱን ሙሉ ዝናብ ሲመታት አደረ። ጠዋት በሩን ስከፍት ደፉ ላይ ኩርምት ብላለች፣ ፀጉሯ በስብሶ ገላዋ ላይ ተለጥፏል። የዚያኑ ቀን ስም መቀየር ጀመርን።

መጀመሪያ መጨረሻውን ስሙት። ድመት ከሩቅ ስንጠራ የመጨረሻዋን ፊደል እንጎትታታለን፣ «ሚሚይይይ» እንላለን። ግድግዳ አልፎ የሚሰማው ይሄ የሚጎተተው ድምፅ ነው። «ት» እና «ክ» ግን ብልጭ ብለው የሚጠፉ ድምፆች ናቸው፣ በር ከተዘጋ ቲቲና ኪኪ አንድ ስም ይሆናሉ። ስለዚህ እያንዳንዱ ስም በሌላ ድምፅ ይለቅ፦ አንዱ በ«ኢ»፣ አንዱ በ«አ»፣ አንዱ በ«ኦ»። «ኡ»ን ከ«ኦ»፣ «ኢ»ን ከ«ኤ» ጋር አንድ ቤት ባታስገቡ ይሻላል፣ ከሩቅ ይቀራረባሉ። እንደ «ነብር» በሳድስ የሚያልቅ ስም ደግሞ የሚጎተት ነገር የለውም፣ «ነብሮ» ሲባል ነው የሚሰማው።

ቀጥሎ መነሻውን ለዩ። ሚሚ ትልቋ ስለሆነች ስሟን አልነካንም። ቲቲ ሻላ ተባለች፣ «ሻ» ከ«ሚ» ጋር በምንም አይገናኝም። ኪኪ ሴት ብትሆንም ዝንጉርጉር ናትና ነብሮ አልናት። አራተኛ ብትመጣ ርዝመቱን እንቀይራለን፤ «ደመና» እንደ ሻላ በ«አ» ቢያልቅም ሦስት ምት ስላለው አይምታታም። ከቤት ሰው ስምና በየቀኑ ከምትሏቸው ቃላትም ሽሹ። «ኑኑ» የምትባል ድመት ልጆቹን «ኑ» ባላችሁ ቁጥር ቀና ትላለች።

እዚህ ላይ ሁላችንም የምንወድቅበት ነገር «ዬ» ነው። ሚሚዬ፣ ሻላዬ፣ ነብሮዬ ስትሉ ያን ሁሉ የለፋችሁበትን መጨረሻ መልሳችሁ አንድ አደረጋችሁት። ጭን ላይ አስቀምጣችሁ ስትደባብሷት በሉት፣ ለመጥራት ግን ባዶውን ስም።

ስሞቹን ከማጽደቃችሁ በፊት በር ዝጉና ሞክሩ። አንድ ሰው ከሌላ ክፍል ሆኖ ስሞቹን እያደባለቀ 10 ጊዜ ይጥራ፣ ሌላው የሰማውን ይጻፍ። ሁለት ስሞች አንዴ እንኳ ከተቀያየሩ አንዱን ለውጡት። እኛ «ሻላ»ን ከማግኘታችን በፊት «ሊሊ»ን ሞክረን በዚህ ፈተና ጥለነዋል፣ ከሚሚ ጋር ሦስት ጊዜ ተምታታብን።

አሁን ለድመቷ ማስተማር ነው፣ ይሄ ደግሞ ለየብቻ ነው የሚሠራው። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ የጃፓን ጥናት እንዳሳየው በሰው ቤት የሚኖሩ ድመቶች ስማቸውን አብረዋቸው ከሚኖሩት ድመቶች ስም ይለያሉ፤ ደንበኞች ከብዙ ድመቶች ጋር እየተጫወቱ በሚዝናኑበት የድመት ካፌ ያሉት ግን የራሳቸውንና የጓደኞቻቸውን ስም መለየታቸው አልታየም። እዚያ ማንም ቢጠራ ሁሉም ሊመጣና ሁሉም ሊሸለም ስለሚችል፣ ስሙ ለማን እንደሆነ የሚማሩበት መንገድ ላይኖር ይችላል። ስለዚህ አንዷን ብቻ ክፍል አስገቡና በሩን ዝጉ። ስሟን አንዴ ጥሩ፣ ወዲያው ቁራጭ ሥጋ ስጡ፣ ትንሽ ቆዩና ድገሙ። በአንድ ጊዜ ከ5 እስከ 10 ዙር ይበቃል፣ በቀን ሁለቴ። አሮጌ ስም ካላት «ቲቲ፣ ሻላ» እያላችሁ ጀምሩና ከተወሰኑ ቀናት በኋላ የፊተኛውን ጣሉት። በዚያ ስም ግን ፈጽሞ አትቆጡ፣ መድኃኒት ልትሰጧትም አትጥሯት፣ ራሳችሁ ሄዳችሁ አንሷት።

መያዟን ለማወቅ ጋደም ስትል ጠብቁ። በተለመደው ድምፃችሁ አራት ሌሎች ቃላት በየ15 ሰከንዱ በሉ፣ የሌሎቹን ድመቶች ስም ብትጠቀሙ ይበልጥ ጥሩ ነው። መጀመሪያ ጆሮዋን ታዞራለች፣ እየቆየች ትሰለቻለች። አምስተኛ ላይ የራሷን ስም ጥሩ። ካወቀችው ጆሮዋ እንደገና ይነቃል ወይ አንገቷን ታዞራለች፤ ተነስታ ባትመጣም አውቃዋለች። ሻላ በሁለተኛው ሳምንት ጆሮዋን አዞረች። ነብሮ ግን ሦስት ሳምንት ፈጀባት፣ ሚሚ ስትጠራም አብራ መሮጧን የተወችው ከዚያ በኋላ ነው።