የ1/n² ድምርን በኢንተግራል ስንገምት ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

1 + 1/4 + 1/9 + 1/16 እያልን የቁጥሮችን ስኩዌር ግልባጭ ያለማቋረጥ ብንደምር ድምሩ ስንት ላይ ይደርሳል? ጣሊያናዊው ፒየትሮ ሜንጎሊ ጥያቄውን በ1650 እ.ኤ.አ. አንስቶት ነበር። መልሱ π²/6 መሆኑን ኦይለር ያስታወቀው በ1735 ነው። በቁጥር ሲጻፍ 1.644934 አካባቢ ይሆናል።

በመካከል ያሉት ዓመታት ብዙ የሆኑበት አንዱ ምክንያት ድምሩ በጣም ቀርፋፋ መሆኑ ነው። የመጀመሪያዎቹን 10 ቁጥሮች ደምሩ፤ 1.549768 ታገኛላችሁ። ገና ከ0.09 በላይ ይቀራል። ስለዚህ መደመር ብቻውን አያዋጣም። የቀረውን ክፍል በኢንተግራል ከላይና ከታች አጥሮ መያዝ ያስፈልጋል። ዘዴው ቀላል ነው፤ ግን ተማሪዎች ደጋግመው የሚወድቁባቸው ቦታዎች አሉት። አንድ በአንድ እንያቸው።

ለመግባባት ያህል፣ የመጀመሪያዎቹን N ቁጥሮች ድምር `S_N` እንበለው። ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ፣ ማለትም ከ1/(N+1)² ጀምሮ ያለውን ቀሪ፣ `R_N` እንበለው።

የመጨረሻው ቁጥር ትንሽ ስለሆነ ብቻ ማቆም

ስህተታችን ከ0.001 እንዳይበልጥ ፈለግን እንበል። ብዙ ሰው የሚያደርገው ይህን ነው፦ የሚደመረው ቁጥር ከ0.001 በታች እስኪሆን ይደምራል፣ ከዚያ ያቆማል። 1/32² ወደ 0.00098 ስለሆነ 32ኛው ላይ ይቆማል።

ችግሩ፣ ከ32ኛው በኋላ ማለቂያ የሌላቸው ትንንሽ ቁጥሮች መቅረታቸው ነው። እያንዳንዳቸው ኢምንት ናቸው፤ ተደምረው ግን 0.0308 ያህል ይሆናሉ። ይህ ከፈቀድነው ስህተት 30 እጥፍ ይበልጣል። ካልኩሌተሩ 1.614 ያሳያል፤ እውነተኛው መልስ 1.645 ነው። ሁለተኛው የአስርዮሽ አሃዝ እንኳ ልክ አልሆነም።

ስለዚህ መታየት ያለበት የሚቀጥለው ቁጥር ሳይሆን የቀሪው ሁሉ ድምር ነው። ምልክታቸው እየተፈራረቀ (+፣ −፣ +) በሚሄዱና እያነሱ በሚመጡ ድምሮች ላይ የሚቀጥለውን ቁጥር ማየት በቂ ነው። ይህ ልማድ ወደዚህ የሚመጣው ከዚያ ይመስለኛል። እዚህ ግን ሁሉም ፖዘቲቭ ስለሆኑ አንዱ ሌላውን አያጣፋም፤ ሁሉም ይከማቻል።

ኢንተግራሉን ከተሳሳተ ቦታ መጀመር

ትልቁ ግራ መጋባት እዚህ ነው። ኢንተግራሉ ራሱ አያስቸግርም፦ የ1/x² ኢንተግራል ከN እስከ ማለቂያ የሌለው ድረስ 1/N ነው። የሚያስቸግረው ከN እንጀምር ወይስ ከN+1፣ የትኛውስ ጣሪያ የትኛውስ ወለል ይሁን የሚለው ነው። ፎርሙላውን በቃል ከያዛችሁት ፈተና ላይ ይገለበጥባችኋል። ሥዕሉን ከያዛችሁ ግን ራሳችሁ ታወጡታላችሁ።

N = 10 እንውሰድ። ቀሪው የሚጀምረው ከ1/11² ነው። 1/11²ን ወርዱ 1፣ ቁመቱ 1/11² የሆነ አራት ማዕዘን አድርጋችሁ ሳሉት፤ ስፋቱ ያው 1/11² ይሆናል። አሁን ይህን አራት ማዕዘን በ10 እና በ11 መካከል አስቀምጡት። የ1/x² ኩርባ ወደ ቀኝ ስንሄድ ይወርዳል። ስለዚህ በዚያ ክልል ውስጥ ዝቅተኛው ቦታ ቀኝ ጫፉ፣ 11 ላይ ነው። አራት ማዕዘናችን በዚያ ዝቅተኛ ቁመት ስለተሠራ ሙሉ በሙሉ ከኩርባው ሥር ይገባል። የሚቀጥሉትንም በዚሁ መንገድ ደርድሯቸው። ሁሉም ከ10 ጀምሮ ባለው ኩርባ ሥር ይሆናሉ። ስለዚህ ቀሪው ከ1/10 ያንሳል።

ያንኑ አራት ማዕዘን አሁን ወደ ቀኝ ገፋ አድርጋችሁ በ11 እና በ12 መካከል አስቀምጡት። ቁመቱ አሁን የግራ ጫፉ ቁመት ነው፤ ይኸውም በክልሉ ከፍተኛው ነው። ስለዚህ ከኩርባው በላይ ይወጣል። የሁሉም ድምር ከ11 ጀምሮ ካለው ኢንተግራል ይበልጣል ማለት ነው። ቀሪው ከ1/11 ይበልጣል። በአጠቃላይ፦

`1/(N+1) < R_N < 1/N`

የጻፋችሁት ገደብ መገልበጡን ወይም መንሸራተቱን ለማወቅ N = 1 አስገቡበት። አንዳንዱ 1/(N+1)ን ጣሪያ ያደርገዋል። ያኔ 1/4 + 1/9 + 1/16 + … ከ1/2 ያንሳል ማለቱ ነው። ግን እስከ 1/49 ያሉትን ስድስት ቁጥሮች ብቻ ብትደምሩ 0.5118 ይመጣል። ከ1/2 አልፏል፤ ስለዚህ ጣሪያው ትክክል አይደለም። በአንድ ደቂቃ ውስጥ የሚያልቅ ማጣሪያ ነው።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ኩርባው ስለሚወርድ መሆኑን ልብ በሉ። 1/x² ሁሌም ይወርዳልና ስጋት የለም። ln x/x² ግን መጀመሪያ ይወጣል፤ መውረድ የሚጀምረው ከ1.65 አካባቢ በኋላ ነው። እንዲህ ዓይነቱ ሲገጥማችሁ ኢንተግራሉን ኩርባው መውረድ ከመጀመሩ በፊት ካለ ቦታ አትጀምሩ።

ጣሪያውን ይዞ ወለሉን መጣል

ገደቦቹን በትክክል ያወጣ ሰው እንኳ ብዙ ጊዜ አንዱን ብቻ ይጠቀማል። «ቀሪው ከ1/N ያንሳል፤ 1/N ከ0.001 እንዳይበልጥ N = 1000 ይበቃል» ይላል። ስህተት የለበትም። እንዲያውም `S_N`ን ብቻውን መልስ አድርጎ ለሚያቀርብ ሰው 1000 የግድ ነው። በ999 ብናቆም ወለሉ ቀሪው ከ1/1000 እንደሚበልጥ ይነግረናልና። ጣሪያው «ይበቃል» ሲል፣ ወለሉ ደግሞ «ከዚህ በታች አይበቃም» ይላል።

የሚያስቆጨው፣ በእጃችን ያለውን መረጃ መጣላችን ነው። ቀሪው ከ1/N ማነሱን ብቻ ሳይሆን ከ1/(N+1) መብለጡንም እናውቃለን። ሁለቱ ቁጥሮች ደግሞ በጣም የተቀራረቡ ናቸው። ታዲያ ለምን ቀሪውን ዜሮ አድርገን እንተወዋለን? ሁለቱንም `S_N` ላይ እንደምራቸው።

በN = 10 እንሞክረው። 1.549768 ላይ 1/11 ስንደምር 1.640677፣ 1/10 ስንደምር 1.649768 ይመጣል። እውነተኛው መልስ በሁለቱ መካከል ነው። መካከለኛውን ከወሰድን 1.645222 ነው። ከእውነተኛው የሚለየው በ0.0003 ገደማ ብቻ ነው፤ ያውም አሥር ቁጥር ደምረን።

መካከለኛውን ስንወስድ ስህተታችን ከክልሉ ግማሽ ሊበልጥ አይችልም። ግማሹ ደግሞ ይህ ነው፦

`1/(2N(N+1))`

ይህ ከ0.001 እንዲያንስ N(N+1) ከ500 መብለጥ አለበት። 21 × 22 = 462 አይበቃም፤ 22 × 23 = 506 ይበቃል። 1000 ቁጥር የጠየቀው ሥራ በ22 አለቀ። ስህተቱ ከአንድ ሚሊዮንኛ በታች ይሁን ብንል ልዩነቱ ይብሳል፦ በመጀመሪያው መንገድ አንድ ሚሊዮን ቁጥር፣ በዚህኛው 707።

እዚህ ላይ አንዲት ንዑስ ስህተት አለች። አንዳንዱ መካከለኛውን ይወስድና የስህተቱን ገደብ የክልሉን ሙሉ ወርድ ያደርገዋል። መልሱ አይበላሽም፤ ግን ሳያስፈልግ N = 32 ድረስ ይደምራል።

«ስህተቱ ከ0.001 ያንሳል» እና «ሦስት አሃዝ ልክ ነው» አንድ ይመስላሉ

አይደሉም። በN = 22 ክልላችን ከ1.64398 እስከ 1.64595 ነው። መካከለኛው 1.64496 ሲሆን ወደ ሦስት አሃዝ ሲጠጋጋ 1.645 ይሰጣል። ልክ ነው፤ ግን አረጋግጠናል ወይ? የክልሉ ታች ጫፍ ሲጠጋጋ 1.644 ነው፤ ላይኛው ጫፍ 1.646 ነው። ከእነዚህ ሦስት መልሶች የትኛው እንደሆነ የሠራነው ሥራ አይለይልንም።

ጥያቄው «እስከ ሦስት የአስርዮሽ አሃዝ ትክክል» የሚል ከሆነ ሁለቱም ጫፎች ሲጠጋጉ አንድ ዓይነት ቁጥር መስጠት አለባቸው። ግማሽ ወርዱን ከ0.0005 በታች ማድረግም ዋስትና አይሆንም፤ እውነተኛው ቁጥር ከማጠጋጊያው ድንበር አጠገብ ካለ አንዱ ጫፍ ድንበሩን ሊሻገር ይችላል። ግማሽ ወርዱ ከ0.0005 በታች የሚሆነው ከN = 32 ጀምሮ ነው። ጫፎቹ የሚስማሙት ግን N = 34 ላይ ነው፦ 1.644522 እና 1.645362። ሁለቱም ወደ 1.645 ይጠጋጋሉ። አሁን ያለ ጥርጥር 1.645 ብሎ መጻፍ ይቻላል።

ኮምፒውተር ላይ በፓይተን መሞከር ለሚፈልግ፦

```
N = 34
s = sum(1/n**2 for n in range(N, 0, -1))
print(s + 1/(N+1), s + 1/N)
```

ሲደምሩ ማጠጋጋት

የኢንተግራል ገደቡ የሚናገረው ስላልደመርነው ክፍል ብቻ ነው። የደመርነውን እያጠጋጋን ካበላሸነው አያድነንም። «ሦስት አሃዝ ነው የምፈልገው» ብሎ እያንዳንዱን ቁጥር ወደ ሦስት አሃዝ የሚያጠጋጋ ሰው አለ። 1/44² ወደ 0.001 ይጠጋጋል፤ 1/45² ግን 0.000494 ስለሆነ ዜሮ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ያሉትም ሁሉ ዜሮ ናቸው። እስከ 1000 ቢደምር ከ45 ወዲያ የደከመው ለከንቱ ነው። በወረቀት ስትሠሩ ስድስት አሃዝ ያዙ። 34 ቁጥር ብትደምሩ ከማጠጋጋት የሚመጣው ስህተት ቢበዛ 0.000017 ነው፤ በዚህ መጠን የክልሉን ሁለት ጫፎች ወደ ውጭ አስፏቸው።

ኮምፒውተርም ከዚህ አያመልጥም። 32 ቢት በሆነ የአስርዮሽ ቁጥር ከ1 ጀምሮ ወደ ፊት ከደመራችሁ n = 4096 አካባቢ ድምሩ ይቆማል። 1/4096² ከ1.64 አጠገብ ላለ ቁጥር የማይታይ ያህል ትንሽ ነውና፤ ሚሊዮን ጊዜ ብትደምሩም ከ1.6447 ፈቅ አይልም። ከላይ ያለው ኮድ ከትልቁ n ወደ ትንሹ የሚደምረው ለዚህ ነው። ትንንሾቹ መጀመሪያ እርስ በርስ ተደማምረው ይጠራቀማሉ፤ ትልልቆቹ ሲመጡ አይዋጡም። ፓይተን በ64 ቢት ስለሚሠራ በ34 ቁጥር ልዩነቱ አይታይም፤ N ሚሊዮኖች ሲደርስና ብዙ አሃዝ ሲፈለግ ግን የአደማመሩ ቅደም ተከተል የመጨረሻዎቹን አሃዞች ይለውጣል።